አያታችሁን በዘፈን ስታስታውሱ

ልጆቼ፣ ግጥም ስጽፍ ነው ያረጀሁት። ወጣቶች ለሞተ አያታቸው የጻፉትን ዘፈን ይዘው ሲመጡ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦

አያቴ ዋርካዬ መከታ ጥላዬ፣
አንተ ሄደህብኝ አለቀ እንባዬ።

ቤቱ ይመታል፣ ምጣኔውም ልክ ነው። ግን ይሄ የማን አያት ነው? የማንም! ስሙን ቀይራችሁ ለጎረቤት ብትሰጡት ያለ ምንም ችግር ይሆነዋል። ሙሾ ከሆነ ደግ፣ የአልቃሽ ሥራ ለቀስተኛውን ማስለቀስ ነው። ዘፈን ግን ሰውየውን የማያውቅ አድማጭ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይሰማዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን አሳዩት።

እስቲ አንድ አያት እንውሰድ። ራዲዮኑ ሲደክም ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሶ የሚከት፣ ዜና ሲጀምር ቤቱን ሁሉ ዝም በሉ እያለ የሚቆጣ (ይቺን ቁጣ እንዳትደብቋት፣ ስስቱንም እንደዚያው)። በየወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም አድርገን፣ እንሞክረው፦

የራዲዮን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣
ዜናው እስኪደርስ ከደጅ ይቀመጣል።

አንድም የሐዘን ቃል የለበትም። «አንተ» ማለቱን ትተን «እሱ» አልን፣ ምክንያቱም ሙትን ፊት ለፊት ማናገር ስንጀምር ሳናስበው ልቅሶ ውስጥ እንገባለን። ታዲያ መሞቱ በምን ይታወቅ? በዘፈኑ ሦስተኛ አንጓ ራዲዮኑ ሲደክም ቤተሰቡ ሱቅ ሄዶ አዲስ ድንጋይ ይግዛ። በቃ። «ሞተ» የሚል ቃል ከጨመራችሁ አድማጩ ራሱ የሚደርስበትን ቀማችሁት።

ዜማው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። ግጥሙ ተጠንቅቆ ከተጻፈ በኋላ አቀናባሪው ትዝታ ማይነር ይመርጣል፣ ፍጥነቱን ይጎትተዋል፣ ከሥሩ ቫዮሊን ያነጥፍበታል፣ ዘፋኙም በየስንኙ ማብቂያ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ያለቅሳል፣ እና ያ ሁሉ ድካም ገደል ይገባል። እኔ ብሆን ትዝታ ሜጀርን እወስዳለሁ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ማይነሩ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ያወርዳቸዋል፣ ሐዘኑም በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል፤ ይሄ ግጥም ያን እርዳታ አይፈልግም። ፍጥነቱ የሽማግሌ እርምጃ ይሁን፣ አንድ ክራር ይበቃዋል። ዘፋኙ ወሬ እንደሚያወራ ይዝፈነው፣ የስንኙን መጨረሻ ቶሎ ይልቀቀው።

ዝርዝር ስትመርጡ ደግሞ አትስገብገቡ። ከዘራው፣ ጋቢው፣ መነጽሩ፣ ጤና አዳም ያለበት ቡናው፣ ሁሉም አንድ ዘፈን ውስጥ ከገባ የዕቃ ቆጠራ ነው የሚሆነው። ከዘራና ጋቢ የሁሉም አያት ናቸውና መጀመሪያ እነሱን አውጡ። አንዱን ልማድ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱበት።

ከመቅዳታችሁ በፊት ለአክስቶቻችሁ ዝፈኑላቸው። «ኧረ እሱ እንዲህ አያደርግም ነበር» ካሉ አርሙት። ከሳቁ ወደ ስቱዲዮ ግቡ።