ሳይታሰብ ቤት የሚመታ ሪፖርት

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ውስጥ ሪፖርት ጸሐፊ ነኝ። አለቃዬ ጽሑፌን አንብበው «አንቀጾችህ ሁሉ በአንድ ልክ የተሰፉ ይመስላሉ፤ ሦስት ሦስት ትደረድራለህ፣ ካልሆነም ሁለት ሁለት ታመዛዝናለህ» አሉኝ። አንድ አንቀጽና የመስክ ማስታወሻዬን ልኬልዎታለሁ። የቱ ይቅር፣ የቱስ ይቆይ?

መልስ፦ የላኩልኝ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ፕሮጀክቱ ለነዋሪው ንጹሕ፣ በቂና አስተማማኝ ውሃ አስገኝቷል። የእናቶችን ድካም ቀንሷል፣ የልጆችን ጤና ጠብቋል፣ የአካባቢውን ኢኮኖሚ አነቃቅቷል። ቀድሞ ውሃ መቅዳት መከራ ነበር፤ ዛሬ ውሃ መቅዳት ደስታ ነው። ይህ የቁፋሮ ውጤት ብቻ ሳይሆን የትብብር ውጤት ጭምር ነው።»

ድምፅ አውጥተው ቢያነቡት ቀድሞ ጆሮ የሚይዘው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ በአንድ ባለቤትና በአንድ ጊዜ የረቡ ግሦች ደግሞ መድረሻቸው አንድ ነው። ስለዚህ ሦስት እኩል ሐረጎች ጎን ለጎን ሲቆሙ «ቀንሷል»፣ «ጠብቋል»፣ «አነቃቅቷል» እያሉ ጸሐፊው ሳያስበው ቤት ይመታሉ። ግጥምን በቤት መምታቱ የለመደ አንባቢ ይህን ሲሰማ ስንኝ የቀረበለት ይመስለዋል፣ ከስንኝም መረጃ አይጠብቅም። አለቃዎ የሰለቹት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የራስዎን ጽሑፍ ለመፈተሽ ከፈለጉ በእርሳስ ከአራት ነጥብና ከነጠላ ሰረዝ በፊት ያሉትን ቃላት ብቻ ያስምሩባቸው፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዱ መድረሻ እየደጋገመ ከመጣ ድርድሩ የት እንዳለ ያዩታል።

ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልመለስ። ሦስት ቅጽሎች ተከታትለው ሲመጡ እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ «ቢሆንም» የሚለው ቃል ነው። አንዱን አምኖ ሌላውን መካድ ይቻል እንደሆነ ይሞክሩት። «አገልግሎቱ ፈጣን ቢሆንም ቀልጣፋ አይደለም» ቢሉ ሰሚው ግራ ይጋባል፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ነገር ስለሚናገሩ አንደኛው ትርፍ ነውና ያለ ጸጸት ይሰረዛል። የእርስዎ ቃላት ግን ፈተናውን ያልፋሉ፤ «ውሃው ንጹሕ ቢሆንም በቂ አይደለም» የሚል ሰው ትርጉም ያለው ቅሬታ አቅርቧል። ታዲያ ችግሩ ከትርፍነት የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ማስረጃ የሚጠይቅ የተለየ አባባል ሆኖ ሳለ በአንድ ትንፋሽ ታልፏል። በማስታወሻዎ ላይ እንደማየው ውሃው በርክክቡ ዕለት አንድ ጊዜ ተመርምሯል፣ ስለዚህ «ንጹሕ» የሚለው ከነቀኑ ሊቆም ይችላል። ቦኖው የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ ከሆነና ከሰዓት በኋላ ወንዝ የሚወርዱ ካሉ ግን «በቂ» ማለትዎን እጠራጠራለሁ፤ ስለ «አስተማማኝ»ም አንድም የጻፉት ነገር የለም። ሦስተኛው ቃል የገባው ሁለቱ ብቻቸውን ጎደሎ መስለው ስለታዩዎት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያስተካክሉ ሦስቱን ግሦች ወደ ቦዝ አንቀጽ መለወጥ መፍትሔ እንዳይመስልዎ። «ቀንሶ፣ ጠብቆ፣ አነቃቅቶ» ቢሉ የድምፅ መመሳሰሉ ከ«ል» ወደ «ኦ» ተዛወረ እንጂ አልቀረም፤ ቦዝ በዚያ ላይ የጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ መጀመሪያ ድካም ቀንሶ ከዚያ ጤና የተጠበቀ ያስመስላል። የሚሻለው በነገሮቹ መካከል ያለውን ግንኙነት መፈለግ ነው። የተደረደሩ ነገሮች ብዙውን ጊዜ እኩዮች አይደሉም፤ አንደኛው ምክንያት ሌላው ውጤት ይሆናል፣ ወይም አንዱ የታየ ሌላው የተገመተ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚያሳይባቸው «ስለ»፣ «በመሆኑም»፣ «እንጂ» እና የመሳሰሉት አያያዦች አሉት፤ የድርድር ነጠላ ሰረዝ ግን ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል።

የተመዛዘኑት ጥንዶች ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይፈትነናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ዓይነት ተረትና ምሳሌ እየሰማን ስላደግን ሁለት ግማሽ ያለው አነጋገር የተጠናቀቀ እውነት ይመስለናል። «ቀድሞ መከራ፣ ዛሬ ደስታ» የሚለው ሚዛን ከዚያ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በማስታወሻዎ ውስጥ ደስታ የሚባል ነገር አላገኘሁም። ያገኘሁት እናቶች ወንዝ ወርደው ለመመለስ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸው እንደነበረና አሁን ወረፋውን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት እንደሚበቃቸው ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ የመከራ ተቃራኒ ግን አይደለም፤ ጀሪካኑን አሁንም የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው።

«ብቻ ሳይሆን… ጭምር» የሚለው አገባብ ቦታ የሚኖረው አንባቢው በእርግጥ የመጀመሪያውን ብቻ ያስብ እንደሆነ ነው። ውጤቱ የቁፋሮ ብቻ ነው ያለ ሰው በሌለበት ጸሐፊው ተከራካሪ ፈጥሮ ይረታዋል። በእርስዎ አንቀጽ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፦ በማስታወሻዎ መሠረት የቧንቧውን ቦይ ለ18 ቀን የቆፈሩት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ እንግዲህ ቁፋሮውና ትብብሩ አንድ ሥራ ሆነው ሳለ ሚዛኑ ሁለት አድርጎ አቀረባቸው።

አንቀጹን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ «ነዋሪዎቹ ቦዩን ለ18 ቀን ቆፍረው መስመሩ ስለተዘረጋላቸው፣ ቀድሞ ወንዝ ወርደው ለመመለስ 2 ሰዓት የሚፈጅባቸው እናቶች አሁን ወረፋውን ጨምሮ በግማሽ ሰዓት ቀድተው ይመለሳሉ። ውሃው በርክክቡ ዕለት ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል። ሆኖም ቦኖው ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ወንዝ የሚወርዱ አሉ። በልጆች ጤና ላይ ያመጣው ለውጥ ከጤና ጣቢያው መረጃ ሲሰበሰብ ይገለጻል።» ኢኮኖሚው ወጥቷል፣ ምክንያቱም በማስታወሻው ውስጥ አልነበረም። የዓረፍተ ነገሮቹ ርዝመት እኩል እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ ይህን ለማሳመር ብዬ አላደረግሁትም፣ የመጀመሪያው የሚናገረው ነገር ብዙ ስለሆነ ረዘመ።

ከዚህ ተነሥተው ሦስትና ሁለት ቁጥር ባዩ ቁጥር እንዳይሰርዙ ደግሞ አደራ እላለሁ። «እህል ውሃ»፣ «ግራ ቀኝ»፣ «ውሎ አድሮ» ተጣምረው አንድ ቃል የሆኑ ናቸው፤ ቢነጣጥሏቸው አማርኛው ይሰበራል። ሕግ አውጪውን፣ ሕግ አስፈጻሚውንና ሕግ ተርጓሚውን የሚጠቅስ ሰውም ሦስት ያለው ሦስት ስለሆኑ ነው። ድርድር ላለመምሰል አራተኛ መጨመር ወይም አንዱን መደበቅ የባሰ ስሕተት ነው፤ ይህን መልስ ስጽፍ እኔም አንድ ቦታ ላይ ለቁጥሩ ስል ምሳሌ ጨምሬ መልሼ ሰርዣለሁ። እርስዎም ቦኖ የተተከለባቸውን ሦስት ቀበሌዎች በስማቸው ይዘርዝሯቸው፤ ነገር ግን በማስታወሻዎ እንዳሰፈሩት የሦስተኛው ቦኖ ገና ውሃ መስጠት ካልጀመረ ከሁለቱ ጋር በ«ና» ሊያያዝ አይገባውም፣ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ይሰጠው።