አውቶካድ ሲያብድ፦ የጠፋ ቱልባር፣ የተዘበራረቀ ወርክስፔስና ማዕዘን ያወጣ ክብ (ጥያቄና መልስ)

ከቱሉ ዲምቱ፦ መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መልሼ ስከፍተው ከላይ ያለው ሪበን የለም፣ ከታች የምንጽፍበት መስመርም የለም። ጥቁር ስክሪን ብቻ። ሪሴት ላድርገው?

ቆይ፣ ሪሴቱን አትቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም፣ የተደበቀ ነው። መጀመሪያ Ctrl+0 ተጫን። ይሄ ሪበኑንና ቱልባሮቹን ደብቆ ለስዕሉ ቦታ የሚለቅ ቁልፍ ነው፣ ሳያውቁት ነክተውት ሲደናገጡ ብዙ ሰው አይቻለሁ። የምንጽፍበትን መስመር የሚያመጣው ደግሞ Ctrl+9 ነው። ሪበኑ አሁንም ካልመጣ ይህን ጽፈህ ኢንተር በል፦

```
RIBBON
```

መስመሩ ባይታይህም ጻፈው፣ ይሰማሃል። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥ፣ ኪቦርድህ አማርኛ ላይ እንዳይሆን። ደብዳቤ ጽፈህ ቋንቋውን ሳትመልስ መጥተህ ከሆነ ምንም ብትል አይሰማህም።

ይህም ካልረዳ ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን የማርሽ ምልክት ተጭነህ Drafting & Annotation የሚለውን ምረጥ። ምልክት ተደርጎበት ቢሆንም እንደገና ምረጠው፣ ያኔ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል።

ከለገጣፎ፦ እኔ ማርሹን ተጭኜ እንደገና መረጥኩት፣ ግን የሚመጣው ያው የተዘበራረቀው ነው። ምንድን ነው ነገሩ?

ዝብርቅርቁ ራሱ ሴቭ ሆኗል ማለት ነው። ማርሹ ላይ Workspace Settings ግቢ። እዚያ ወርክስፔስ ስትቀይሪ ለውጡን በራሱ ሴቭ ያድርግ ወይስ አያድርግ የሚል ምርጫ አለ። በራሱ ሴቭ ያድርግ የሚለው ተመርጦ ከሆነ፣ ወደ ሌላ ወርክስፔስ ሄደሽ ስትመለሺ የተበላሸውን እንደ ትክክለኛ አድርጎ ይዞታል። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ብትመርጪው ያንኑ ነው የሚያመጣልሽ። ምርጫውን ሴቭ አታድርግ ወደሚለው መልሺው። የተበላሸውን ግን እጅሽ ላይ ያለ ንጹህ ቅጂ ከሌለሽ የሚያጸዳልሽ ሪሴት ነው።

ሌላ ሰው ጣልቃ ገብቶ፦ ምን ያደክማታል፣ አንስታ እንደገና ትጫነው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ግማሹ ልክ ነህ። የፕሮግራሙ ፋይሎች ራሳቸው ተጎድተው ከሆነ እንደገና መጫን ይሠራል። የቱልባሩና የወርክስፔሱ ሁኔታ የሚቀመጠው ግን በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ነው፣ ያ ደግሞ ፕሮግራሙን ስታነሳው አብሮ ላይነሳ ይችላል። ግማሽ ቀን አጥፍተህ ትጭነዋለህ፣ ስትከፍተው ያው ብልሽት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

የለገጣፎዋ፣ አንቺ አውቶካድን ዝጊና የዊንዶውስ ስታርት ሜኑ ውስጥ የአውቶካድን ፎልደር ክፈቺ። Reset Settings to Default የሚል አለ። ሁለት ምርጫ ይሰጥሻል፣ አንዱ ባክአፕ አድርጎ ሪሴት የሚያደርገው ነው። እሱን ምረጪ። ዚፕ ፋይል ያወጣልሻል፣ የት እንዳስቀመጥሽው አትርሺ። ለምን ብትይ፣ ሪሴት የሚያጸዳው ዝብርቅርቁን ብቻ አይደለም። ያስተካከልሻቸው አቋራጮች፣ የፕሪንተር ማስተካከያ፣ የመስመር ውፍረት የያዘው የፕሎት ስታይልሽ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የሰራሻቸው ስዕሎች ግን አይነኩም፣ ለእነሱ አታስቢ።

ከሰበታ፦ የእኔ ቱልባሩ ደህና ነው። ክብ ስስል ግን ማዕዘን ማዕዘን ይሆናል። REGEN ስል ይስተካከላል፣ ዙም ሳደርግ ደግሞ ይመለስበታል።

ይሄ ቀላል ነው። ክቡ ክብ ነው፣ ስክሪኑ ላይ በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ነው የሚያሳይህ። እንዲህ በል፦

```
VIEWRES
Y
5000
```

መጀመሪያ የሚጠይቅህን Y በልና እለፈው፣ ከዚያ ቁጥሩን ስጠው። ሲመጣ 1000 ላይ ነው፣ እስከ 20000 ይሄዳል። ቁጥሩ ሴቭ የሚሆነው በስዕሉ ውስጥ ስለሆነ ሌላ ፋይል ስትከፍት እንደገና ልታስተካክል ትችላለህ። ፕሪንት ላይ ግን ማዕዘኑ አይወጣም፣ ስለዚህ ደንበኛህ ጋ የሚደርሰው ወረቀት ደህና ነው።

ያው የሰበታው፦ አንዱ ፋይል ላይ ሰራ። የቦታው ካርታ ያለበት ላይ ግን እምቢ አለ። መስመሮቹ ዙም ሳደርግ ይዘላሉ፣ ሃቹም ይቆራረጣል።

ID ብለህ የቦታውን አንድ ጥግ ንካና ቁጥሩን ጻፍልኝ።

X 458 ሚሊዮን ምናምን፣ Y 985 ሚሊዮን ምናምን ይላል።

ጠርጥሬ ነበር። የቀያሹ ካርታ የሚመጣው በዩቲኤም ዞን 37 ነው፣ በሜትር። Y የሚቆጠረው ከምድር ወገብ ስለሆነ እናንተ ጋ ወደ 985 ሺህ ሜትር መሆኑ ትክክል ነው። ከዚያ አንድ ሰው ቤቱን በሚሊሜትር ልሥራ ብሎ ካርታውን በ1000 አባዝቶታል። አሁን ቤትህ የተቀመጠው ከዜሮ ነጥብ መቶ ሚሊዮኖች ርቆ ነው።

አውቶካድ ቁጥሩን የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ በሚደርስ ጥራት ነው፣ ስለዚህ ስዕልህ አልተበላሸም። ግራፊክስ ካርዱ ስክሪን ላይ ሲያሳይህ ግን ወደ 7 አሃዝ ያህል ነው በደንብ የሚይዘው። የአንተ ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ አለው፣ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ይንሸራተታሉ። ነጥቡ በብዙ ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ሲል አንተ ዘለለ ትላለህ። ማረጋገጥ ከፈለግህ GRAPHICSCONFIG ብለህ Hardware Acceleration አጥፋው። ጸጥ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። ግን አጥፍተህ አትተወው፣ ትልቅ ስዕል ላይ ያዘገይሃል።

መፍትሄው ቤቱን ወደ ዜሮ ማቅረብ ነው። ፋይሉን ኮፒ አድርግ፣ የቀያሹን ኦሪጅናል አትንካ። የተቆለፉና የቀዘቀዙ ሌየሮችን ሁሉ ክፈት፣ አለበለዚያ ግማሹ እዚያው ይቀርብሃል። ከዚያ የቦታውን አንድ ጥግ ቁጥር ሙሉውን ጻፈው፣ ስዕሉ ላይ በቴክስት ብትተወው ይሻላል። MOVE ብለህ ሁሉንም ከዚያ ጥግ ወደ 0,0 ውሰድ፣ Dynamic Input ክፍት ከሆነ ግን #0,0 ብለህ ጻፈው። ለፈቃድ ስታስገባ ትክክለኛው ኮኦርዲኔት ስለሚያስፈልግ፣ በያዝከው ቁጥር ትመልሰዋለህ፣ ወደ ሜትርም ትቀይረዋለህ።

አንድ ጋሼ፦ የእኔም መስመር ይቆራረጣል። ግን ወረቀት ላይ ነው፣ ስክሪኑ ደህና ነው። VIEWRES አደረግሁ፣ ምንም አልሆነም።

ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። VIEWRES የስክሪን ነገር ነው፣ ወረቀቱን አይነካም። ስዕሉን መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ያውጡትና ዙም አድርገው ይዩት። ፒዲኤፉ ላይ ንጹህ ከሆነ ችግሩ ከፕሪንተሩ ወይም ከማተሚያ ቤቱ ነው። እዚያም ከተቆራረጠ የላይንታይፑ ስኬል ሊሆን ይችላል፣ LTSCALE ብለው ስንት እንደሚል ይንገሩኝ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ድሮ የነበረው ክላሲክ ወርክስፔስ አዲሱ ላይ የለም። ሪሴት ያመጣዋል?

አያመጣውም። ከ2015 ቨርዥን ጀምሮ አውጥተውታል። ራስህ ትሠራዋለህ፦ MENUBAR ብለህ 1 ስጠው፣ ከ Tools ሜኑ ውስጥ Toolbars ገብተህ Draw እና Modify አውጣ፣ RIBBONCLOSE በል። ሲያምርህ WSSAVE ብለህ ስም ስጠው። እኔ በግሌ ሪበኑን ለምጄዋለሁ፣ ግን በአሮጌው እጁ የፈጠነ ሰው አልከራከረውም።

ከለቡ፦ ላፕቶፔ ቻርጀር ላይ ሲሆን ደህና ነው። መብራት ሲሄድና በባትሪ ስሠራ ግን መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከርሰሩም ዱካ ይተዋል።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ በባትሪ ሲሆን ወደ ደካማው እየቀየረብህ ሊሆን ይችላል። ሳላየው ግን እርግጠኛ አልሆንም። በባትሪ እያለ GRAPHICSCONFIG ክፈትና የየትኛውን ካርድ ስም እንደሚያሳይ እይ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተህ አውቶካድን ዘግተህ ክፈትና እንደገና እይ።

የለቡው፦ ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ስም ነው የሚያሳየው።

እንግዲያው ግምቴ አልያዘም። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርደህ አድስና በባትሪ ሞክረው፣ ካልሆነ የባትሪውን የፓወር ሞድ ቀይረህ እይ። ምን እንደሆነ ጻፍልኝ።