ኮንጁንቲቮ ሁሉ ጥርጣሬ አይደለም

«በጣሊያንኛ ኮንጁንቲቮ የሚባለውን የግሥ ቅርጽ ባየሁ ቁጥር "ምናልባት" ወይም "ይሆናል" እያልኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ረቂቄን ያነበበልኝ ሰው ግን "ባለታሪኮችህ ሁሉ ተጠራጣሪዎች ሆኑ" አለኝ። ጥርጣሬ የሚሆነው መቼ ነው? አክብሮት የሚሆነውስ? እንዴት ትለያላችሁ?»

ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ ስህተት አንድ ደብዳቤ አበላሽቼ ስለማውቅ ከእሱ ልጀምር። ጣሊያን አገር የሚኖር አንድ ወገናችን ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣለትን መልስ እንድተረጉምለት ሰጠኝ። ደብዳቤው «ቺ ዲስፒያቼ ኬ ሌይ ኖን አቢያ ሪቼቩቶ ላ ኮሙኒካትሲዮኔ» ይላል። «አቢያ» ኮንጁንቲቮ ስለሆነ ብቻ «ማስታወቂያው ምናልባት ሳይደርስዎ ቀርቶ ከሆነ እናዝናለን» ብዬ ጻፍኩ። ባለጉዳዩ መሥሪያ ቤቱ የተጠራጠረው መሰለውና፣ እንዳልደረሰው የሚያስረዳ ማስረጃ ፍለጋ ሲሯሯጥ ሰነበተ። ደብዳቤው ግን አለመድረሱን አምኖ የተቀበለ ነበር፤ ትክክለኛው አማርኛ «ማስታወቂያው ስላልደረስዎ እናዝናለን» ነው። ኮንጁንቲቮውን ያመጣው የጸሐፊው ጥርጣሬ ሳይሆን ከፊቱ ያለው የሐዘን ግሥ ነው፤ በጣሊያንኛ የደስታ፣ የሐዘንና የፍርሃት ግሦች የሚከተላቸው ነገር የተረጋገጠ ቢሆንም እንኳ ኮንጁንቲቮ ይጠይቃሉ።

ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ የምጠይቀው ጸሐፊው ምርጫ ነበረው ወይ ብዬ ነው። በኮንጁንቲቮው ቦታ ኢንዲካቲቮ የሚባለውን ተራ የግሥ ቅርጽ አስገብቼ አነባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ በተጻፈ ጣሊያንኛ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ«ቤንኬ» ወይም ከ«ፕሪማ ኬ» በኋላ ከመጣ፣ ጸሐፊው በሰዋስው ተገድዷል ማለት ነውና ወደ አማርኛ የማሻግረው ተጨማሪ ነገር የለም፤ «ቢሆንም» እና «ሳይመጣ በፊት» ሥራውን ጨርሰውታል። «ክሬዶ ኬ ማርኮ ሲያ ኣ ካዛ» ሲልም እርግጠኛ አለመሆኑ «ክሬዶ» ላይ አለ። «ማርኮ ቤት ያለ ይመስለኛል» ይበቃል፤ «ምናልባት» ከተጨመረበት ጥርጣሬው እጥፍ ይሆናል። የእርስዎም ባለታሪኮች ተጠራጣሪ የሆኑት በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ሁለቱም ትክክል ሆነው ትርጉሙ ሲለወጥ ግን ልዩነቱን የግድ ማሳየት አለብን። በኢንዲካቲቮ «ዲኮኖ ኬ ኤ ሪኮ»፣ በኮንጁንቲቮ ደግሞ «ዲኮኖ ኬ ሲያ ሪኮ» ሁለቱም ይባላሉ። በሁለተኛው ተናጋሪው ወሬውን ያቀብላል እንጂ ዋስ አይሆንለትም። አማርኛ ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው፦ የመጀመሪያውን «ሀብታም መሆኑን ይናገራሉ»፣ ሁለተኛውን «ሀብታም ነው አሉ» እላለሁ፤ «መሆኑን» ነገሩን እንደ እውነት ሲያስቀምጥ፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣው «አሉ» ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ታሸክማለች። ያለ ምንም ዋና ግሥ «ኬ ሲያ ማላቶ?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ ጥርጣሬው እውነተኛ ነው፤ «ታሞ ይሆን?» ከሚለው የተሻለ አላገኘሁለትም።

አክብሮቱን ለመለየት የምመለከተው ሰሚውን ነው። ተናጋሪው «ሌይ» እያለ ለሚያከብረው ሰው ሲናገር «ቬንጋ»፣ «ሲ አኮሞዲ»፣ «ስኩዚ» የሚሉት በቅርጻቸው ኮንጁንቲቮ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ትእዛዝን ማለስለስ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን እንኳን ሊቸገር ቀርቶ የሚመሳሰል ብልሃት አለው። ጣሊያንኛ የሚያከብረውን ሰው «እሷ» በሚለው መደብ ሲያናግር፣ እኛ ደግሞ ከ«እነሱ» ግሡን ተውሰን «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እንላለን። በዚህ ቦታ «ቢገቡ ይሻላል» ብሎ መተርጎም ግብዣውን ወደ ምክር ይለውጠዋል። ነገር ግን «ኬ ቬንጋ ማርኮ» ቢል የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ነውና «ማርኮ ይምጣ» ይሆናል፤ እዚያ አክብሮት የለም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው «ቮሬይ ኬ ሌይ ቬኒሴ» ነው። ትሕትናውን የተሸከመው «ቮሬይ» ሲሆን «ቬኒሴ» በጊዜ ስምምነት ተከትሎት የመጣ ነው። ቅርጹ ያለፈ ጊዜ ስለሚመስል «ቢመጡ ደስ ይለኝ ነበር» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ይህ ግን ለአማርኛ አንባቢ ሰውየው እንደማይመጣ ቁርጡ የታወቀ ያስመስለዋል። «ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል» ስንል በሩ ክፍት ይሆናል፣ ልመናውም በ«ልኝ» ይለሰልሳል።

አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። በንግግር ብዙ ጣሊያናውያን «ክሬዶ ኬ ኤ» ይላሉ፤ በልብ ወለድ ውስጥ አንዱ ባለታሪክ እንዲህ ሲል ሌላው «ሲያ» ካለ ደራሲው የትምህርት ወይም የአነጋገር ልዩነት እያሳየን ሊሆን ይችላል። አማርኛ ይህን በግሥ ቅርጽ አይችለውም። እኔ በዚያው ንግግር ውስጥ ሌላ ቦታ ፈልጌ፣ አንዱን «እንደሚመስለኝ» ሌላውን «መሰለኝ» አስብላለሁ፤ ቦታ ካጣሁ ግን ልዩነቱን ትቼ አልፋለሁ።