ትከሻዬ ህመሙ ቀነሰ፣ እጄ ግን አልነሳ አለ

«ትከሻን የሚያደርቀው ፍሮዝን ሾልደር ከያዘኝ 7 ወሬ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ህመም ቀንሷል፣ እጄ ግን ጭራሽ አልነሳ አለ። ብሶብኝ ይሆን?»

አልባሰብሽም፤ ከሚያመው ደረጃ ወደሚደርቀው እየተሻገርሽ ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ወር ይቆያል። ከዚያ ቀስ እያለ ይፈታል፤ መፍታቱ እስከ 2 ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ለውጡን በየቀኑ አትፈልጊው። በወር አንዴ ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቀሽ እጥፍ አድርጊውና እጅሽን ወደ ውጭ አዙሪ። የት እንደደረሰ ምልክት ያዢ። የእኔ ለ5 ወር ንቅንቅ አላለም ነበር። ፀጉሬን ማበጠር ከቻልኩ በኋላ እንኳ፣ እጄን ወደ ጀርባዬ ማዞር ወራት ፈጀብኝ።

በጉልበት ግን አታስጎትቺው። እኔ አስጎትቼው የሌሊቱ ህመም ለ3 ሳምንት ተመለሰብኝ። ስፖርቱ ያመጣው ህመም በማግስቱም ካልለቀቀሽ፣ አብዝተሽዋል ማለት ነው።