ቁስሉ ድኖ ነጩ ሲቀር

«እህታችሁ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። እናቴ ምላሷ ጎን ላይ ቁስል ከወጣባት ወር ሊሞላው ነው። አጠገቡ ነጭ ነገርም አለ። ስለማያመኝ ሐኪም ቤት አልሄድም አለችኝ። ምን ልቀባላት?»

እህቴ፣ ምንም አትቀቢላት። አባቴም «አያመኝም» እያለ ነው ሁለት ወር የፈጀው።

አባቴ ደብረ ሲና ነው የሚኖረው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጨሳል፤ አረቄም ይቀምሳል። ቁስሉ የወጣው ምላሱ ግራ ጎን ላይ፣ ከአንድ የተሰበረ መንጋጋ አጠገብ ነበር። መጀመሪያ «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀለት። ቀጥሎ አሞክሳሲሊን ተገዛ። ምንም ለውጥ የለም።

ደብረ ብርሃን ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችው «ስንት ጊዜው ነው?» ብላ ነው። ያ በርበሬ ሲነካው የሚያንገበግበው ተራ የአፍ ቁስል ብዙውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ ይድናል። ከዚያ ካለፈ፣ አመመም አላመመም መታየት አለበት። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

ከዚያ ምላሱን በፋሻ ይዛ ሳብ አደረገችና ጎኑንና ሥሩን አየች። ቁስሉን በጓንት ዳበሰች፤ ጠርዙ ጠጠር ካለ ያሰጋል። እብጠት እንዳለ ለማወቅ አንገቱንም ዳበሰች። እሱም ከቁስሉ አጠገብ ነጭ ነገር ነበረው፤ በፋሻ ስትጠርገው አልለቀቀም። የፈንገስ ነጭ ሲጠረግ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። የማይነሳው ነው የሚያጠራጥረው።

የተሰበረውን ጥርስ ነቅላ ለ2 ሳምንት ቀጠረችው። የሚያቆስለው ጥርሱ ከሆነ ቁስሉ በዚያ ጊዜ መዳን አለበት፤ ካልዳነ ናሙና ይወሰዳል። ቁስሉ ዳነ! እኛማ ተገላገልን ብለን ነበር። ነጩ ግን ንቅንቅ ስላላለ ናሙና ከእሱ ይወሰድ ተባለ።

ናሙና ሲባል ዘመድ ሁሉ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብሎ ተነሳብን። አባቴም ሊቀር ነበር። ነገሩ ግን ያን ያህል አልነበረም። በማደንዘዣ መርፌ አደነዘዙት፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ወሰዱ፣ ሁለት ቦታ ሰፉት። ቁራጩ ፎርማሊን ውስጥ ሆኖ አዲስ አበባ ሄደ። ካንሰር አይደለም፣ ግን ሴሎቹ መለወጥ ጀምረዋል ተባለ። ነጩን ቆርጠው አወጡለት። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል አሁንም በየ3 ወሩ ይታያል። ሲጋራውን ትቷል። አረቄው ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።

እናትሽን «ጥርስሽን እናሳይ» ብለሽ ውሰጃት፤ ካንሰር የሚለውን ቃል ስትሰማ ጭራሽ እንዳትቀር። ያን ሐምራዊ ቀለም፣ ጂቪ የሚሉትን፣ ከመሄዳችሁ በፊት እንዳትቀቢ። አፉን ሁሉ ስለሚያቀልመው ሐኪሙ ነጩን ከቀዩ መለየት ያቅተዋል። ቁስሉ የጀመረበትን ቀን አስታውሰሽ ጻፊው፣ ከመንጋጋዎቿም የተሰበረ ወይም የሚቧጭራት ካለ አሁኑኑ በቀን ብርሃን እይላት።