«አዎ፣ ስክሪኑ ይበራል»

*ጎንደር ውስጥ ሶላር እሸጣለሁ። ገጠር ያሉ ደንበኞቼ ዕቃውን ራሳቸው ያስሩታል፤ እጃቸው ሽቦ ላይ እያለ ይደውሉልኛል። «አዎ» ብቻ ስላቸው ይሳሳታሉ፣ ሳብራራላቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። «ባትሪውን ነው መጀመሪያ የማገናኘው?» ሲሉኝ እንዴት ልመልስ?*

«አዎ፣ ስክሪኑ ይበራል» በላቸው። ከዚያ ዝም በል።

«አዎ» የሚለው ቅደም ተከተሉን ያጸናዋል። «ስክሪኑ ይበራል» የሚለው ደግሞ ሰውየው በትክክል ከሠራ በዓይኑ የሚያየውን ይነግረዋል፤ ስክሪኑ በፓነሉና በባትሪው መሀል ገብቶ ኃይሉን የሚቆጣጠረው የኮንትሮለሩ ነው። የጠየቀህን መልሰህ አላልክለትም፣ ምክንያት መደርደርም አላስፈለገህም። ስክሪኑ ካልበራ ያለ አንተ እርዳታ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ያውቃል። «አዎ» ብቻውን ግን ሲሳሳት የሚይዘው ነገር የለውም።

ማብራሪያው ለምን እንደሚያደናግር ልንገርህ። ምክንያቱን እኔም አንተም እናውቀዋለን፦ ኮንትሮለሩ ሥራውን የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ብዙዎቹ ባትሪው ባለ 12 ይሁን ባለ 24 ቮልት የሚለዩት መጀመሪያ ሲገናኙ ነው። ፓነሉ ከቀደመ ኮንትሮለሩ ሊሳሳት ይችላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ይህን ሁሉ በስልክ ስትለው ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «...ፓነሉ መጀመሪያ...» የሚለው ብቻ ይደርሰዋል። ሰውየውም የሰማውን ያደርጋል። ምክንያቱን ሱቅህ ሲመጣ ቡና እየጠጣችሁ አስረዳው።

አንድ ሙሉ ሥራ እንይ። ደንበኛው ከደምቢያ ነው እንበል። ባለ 100 ዋት ፓነል፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 20 አምፔር ኮንትሮለርና ጥቂት አምፖሎች ገዝቷል። ቅዳሜ ገበያ ውሎ ቤቱ ሲደርስ መሽቷል፣ ግን እስከ ነገ አይታገስም። ካቻቢቴውን ይዞ ይደውላል።

«ባትሪውን መጀመሪያ?»
«አዎ አባቴ፣ ስክሪኑ ይበራል።»
«በራ! አሁን ፓነሉን?»
«አዎ፣ ጠዋት የፀሐይዋ ምልክት ትመጣለች።»

«ጠዋት» የምትለዋን ልብ በል። ማታ ስለሆነ ፓነሉ ምንም አያመነጭም። ምልክቷ አሁን እንደምትመጣ ብትነግረው ኖሮ በትክክል የታሰረውን ሽቦ ፈቶ እንደገና ያስር ነበር። የምትሰጠው ምልክት በዚያ ሰዓትና በዚያ መሣሪያ ላይ በእርግጥ የሚታይ መሆን አለበት። አንዳንድ ኮንትሮለር ጭራሽ ስክሪን የለውም፣ ትንንሽ መብራቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ዕቃው ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት ካርቶኑን ክፈትና በራስህ ባትሪ አብርተህ አሳየው። ማታ ሲደውል ሁለታችሁም ስለ አንድ ነገር ታወራላችሁ።

«አልበራም» ካለህስ? ያን ጊዜ ማጽናቱ ቀርቷል፣ ጥገና ገብተሃል። ብሎኑ ጠብቆ እንደሆነ፣ ፕላስና ማይነስ ተገላብጠው እንደሆነ፣ ፊውዝ ካለው ተቃጥሎ እንደሆነ ተራ በተራ ጠይቀው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ኃይሉ በጣም የወረደ ባትሪም ኮንትሮለሩን ላያነቃው ይችላል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ ማውራት ተገቢ ነው፤ ሰውየውም እጁን ከሽቦው ላይ አንስቶ ይሰማሃል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስተው ልምጣ። ደንበኛው «ፓነሉን ገና አላገናኘውም አይደል?» ይልሃል። አንተ «አዎ» ትለዋለህ። አታገናኝ ማለትህ ነው ወይስ አገናኝ? አንተ አንዱን አስበሃል፣ እሱ ሌላውን ሊሰማ ይችላል። በአሉታ ለተጠየቀ ነገር «አዎ»ንም «አይ»ንም ተዋቸው። «ይቆይ፣ ስክሪኑ ይብራ» በለው፤ ይህ ወደ ሌላ አይተረጎምም። ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ከመጣም እንዲሁ ነው። «ባትሪውን ላገናኝና ዓይነቱን b2 ላድርገው?» ሲል አንድ «አዎ» ሁለቱንም ታጸናለች። ባትሪውን ብቻ አጽናለት፤ «ባትሪው አዎ፣ ሌላው ይቆይ» በለው። የባትሪ ዓይነት ቁጥሩ ከኮንትሮለር ኮንትሮለር ስለሚለያይ የመመሪያ ወረቀቱን ሳታይ አትመልስለት። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ መልሱን ራሱ ጥያቄው ላይ አያይዘህ ላክ፤ አንተ እስክትጽፍ ሌላ ጥያቄ ከመጣ «አዎ»ህ የማን እንደሆነች አይታወቅም።

አጭሩ መልስ የማይበቃበት ቦታም አለ። ዋናው ፕላስና ማይነስ ነው። «ቀዩን ፕላስ ላይ?» ሲልህ «አዎ» ለማለት አትቸኩል። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ስለሚሆን ሽቦ ይቀጠላል፣ የተቀጠለው ደግሞ ሁለቱም ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቀዩ መሀል ላይ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። ቴስተር ካለው «አዎ፣ ቴስተሩ ማይነስ ካላሳየ» በለው። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ፕላስ ነው ባለው ሽቦ፣ ጥቁሩን በሌላው ላይ ሲያስነካ ከቁጥሩ ፊት የማይነስ ምልክት ከመጣ ሽቦው ተገላብጧል ማለት ነው። ባትሪው ሞልቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 12.6 ገደማ ያነባል፤ እንዲህ ያለ ፓነል ደግሞ ምንም ሳይገናኝበት ፀሐይ ላይ 20 ገደማ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ቴስተር ከሌለው ሽቦውን ከፓነሉ ጀርባ እስከ ኮንትሮለሩ በእጁ እየተከተለ እንዲያይ አድርገው። እዚህ ላይ ቃል በቃል መድገም ነውር የለውም። እንዲያውም እሱ ራሱ ያደረገውን ይድገምልህ።

መልስህ «አይ» ሲሆን ደግሞ የሚከተለው ቃል ይቀየራል። «ኢንቨርተሩን አምፖሉ የሚገባበት ላይ ላገናኘው?» ካለህ «አይ» ብለህ ብትተወው ሌላ ቀዳዳ ይፈልግለታል። «አይ፣ ባትሪው ላይ» በለው። ባለ 20 አምፔር ኮንትሮለር በ12 ቮልት ከ240 ዋት በላይ አያወጣም። ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከ40 አምፔር በላይ ይጎትታል። ይህን ስሌት ግን ለራስህ ያዘው፤ እሱ ማታ በእጅ ባትሪ ብርሃን እየሠራ የሚፈልገው ቦታውን ብቻ ነው።

አጭር መልስ ለሽማግሌ ድፍረት ይመስላል ብለህ ከሰጋህ «አባቴ» ወይም «እማማ» ጨምርበት፣ ይበቃል። ስልኩን ቶሎ አትዝጋው እንጂ። «አዎ እማማ፣ ስክሪኑ ይበራል» ካልክ በኋላ እስኪያዩት ጠብቅ። ያንን ዝምታ በማብራሪያ የሚሞሉ ሻጮች አሉ፤ እማማም ስክሪኑን ትተው እነሱን ይሰማሉ።