500 ማለት 50,000 ኪሎ ሜትር አይደለም

«ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር ውስጥ በቪትዝ ኮንትራት እሠራለሁ። ጎማዬ ላይ ትሬድዌር 500፣ ትራክሽን ኤ፣ ቴምፕሬቸር ቢ ይላል። ሻጩ የ80,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አለው ብሎኝ ነበር። ገና 48,000 ላይ የፊቶቹ ጎማዎች ዳርና ዳራቸው አለቀ። ብሬን ይመልሱልኛል?»

ወንድሜ፣ ተስፋ አታድርግ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ትሬድዌር 500 የሚለው ቁጥር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። የአሜሪካ የጎማ ደረጃ ነው። እዚያ ቴክሳስ ውስጥ ጎማውን ከአንድ መለኪያ ጎማ ጋር 11,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዱታል። መለኪያው 100 ይባላል። 500 የተባለው በዚያ መንገድ ላይ አምስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ብራንድ 500 ከሌላው 400 ጋር ማወዳደር ብዙም አያዋጣም። አንተ ደግሞ ኮረኮንች ትገባለህ፤ የቴክሳሱ መንገድ አስፋልት ነው።

ትራክሽን ኤ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብለህ ስትሄድ ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ ይናገራል። ከላዩ ኤኤ አለ፣ ከታቹ ቢ እና ሲ። ስለ ኩርባ ምንም አይልም። ክረምት ላይ አስፋልቱ ላይ ስለሚተኛው ውኃም እንዲሁ።

ቴምፕሬቸር ቢ ጎማው ከ160 እስከ 185 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያለውን ሙቀት ይችላል ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ማን ይነዳል! ግን ደረጃው የሚሠራው ንፋሱ ልክ ሲሆንና ጭነቱ ሳይበዛ ነው። ያንተ ችግር እዚህ ጋ ነው። ዳርና ዳሩ አልቆ መሐሉ ጥርስ ካለው፣ ጎማው ንፋስ አንሶት ለብዙ ጊዜ ተነድቷል። አንድ ጎን ብቻ ቢያልቅ አላይመንት እልህ ነበር።

የኪሎ ሜትር ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ጎማው እኩል አልቆ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነው። ደረሰኝ ይጠይቃሉ፣ የፊትና የኋላውን ያቀያየርክበትን መዝገብም ይጠይቃሉ። ታክሲና ኮንትራት የሚሠራ መኪናን ብዙዎቹ ከነጭራሹ አያካትቱም። ሁሉም ቢሟላልህ እንኳ ሙሉ ብርህን አታገኝም። ከ80,000 ውስጥ 48,000 ነድተሃል፤ የቀረህ 40 በመቶ ነው። ጎማው 10,000 ብር ነው እንበል። 4,000 ብር ይቀነስልህና ቀሪውን 6,000 ከፍለህ ያንኑ ዓይነት ጎማ ትወስዳለህ። የጎሚስታውም ሂሳብ ባንተ ነው።

አሁን ጎማውን እየው። በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ የላስቲክ ጉብታዎች አሉ። ዳሩ ላይ ጥርሱ ከጉብታው እኩል ከሆነ፣ መሐሉ ምንም ያህል ቢያምር ቀይረው። አዲሱን ስታስገባ ንፋሱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ አስሞላ። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው። በየ10,000ው የፊቱን ወደ ኋላ አዙርና ቀኑን ከነኪሎ ሜትሩ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈው።